ወንድሟ መውደቁን ማን ነገራት?

«‹የሾላዋ ሴትዮ› የተባለው አጭር ልቦለድ ጥንቆላን በጓሮ በር ያስገባል። ካልሆነማ መዳፍ አንባቢዋ የልጅቷ ወንድም አምና መውደቁን በምን አወቀች? ደራሲዋ ለዚህ መልስ የላትም።»

ልቦለዱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ በጥቅስ የማስቀምጠው የአንተን የተቺዬን ቃል ነው። መልስማ አለኝ። ልጅቷ ራሷ ነግራታለች። ታሪኩ ውስጥ ተጽፎ አለ።

ታሪኩን ላላነበበ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። ሜሮን የ2015 የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ናት፣ የተፈጥሮ ሳይንስ። መስቀል አልፏል፣ ውጤት ገና አልተለቀቀም። እናቷ ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ ግዢ ብለው ሾላ ገበያ ይልኳታል። ከቅመም ሻጮቹ ጎን፣ በተቀደደ ጃንጥላ ሥር፣ አንዲት ትልቅ ሴትዮ ዱካ ላይ ተቀምጠው እጅ ያነባሉ። ሜሮን ሁለቴ አልፋቸው ትሄዳለች። በሦስተኛው ቁጭ ትላለች።

አሁን ወንድምየው የተነሳበትን ቦታ እንዳለ ላምጣው፦

«ቤታችሁ ውስጥ ሁለት ሰው ነው የሚታየኝ» አሉ ሴትዮዋ። «አንዱ ቀድሞሽ ሄዷል። መንገዱ ግን…» ብለው ዝም አሉ። አውራ ጣታቸው መዳፏ ላይ ቆመ።
«ወንድሜ ነው?»
«ወንድምሽ ነዋ። መንገዱ መሃል ላይ ተቆርጧል።»
«አምና አላለፈም።»
«እሱን እኮ ነው የምልሽ፣ ልጄ።»

በቃ ይሄው ነው። ሴትዮዋ «ወንድም» የሚለውን ቃል ከሜሮን በፊት አላነሱም። «ፈተና» አላሉም፣ «ወደቀ» አላሉም። ያሉት «ቀድሞሽ ሄዷል» ነው። እስቲ «ሄደ» የሚለውን ቃል በአማርኛ አስበው። የሞተ ሰው ሄደ ይባላል። ያገባች ሄደች ይባላል። ቤይሩት ወይ ዱባይ ያለች እህትም ሄዳለች፣ ትምህርት ጨርሶ ሥራ የያዘም ሄዷል። ሜሮን «አባቴ ነው?» ብትል ኖሮ የተቆረጠው መንገድ ዕድሜ ይሆን ነበር። «እህቴ ናት?» ብትል ደግሞ የታጠፈ የአረብ አገር ኮንትራት ይሆናል። ሴትዮዋ አንድ ባዶ ከረጢት ዘረጉ፣ የሞላችው ልጅቷ ናት። «መንገዱ ግን…» ብለው ዝም ያሉትም ለጌጥ አይደለም። ጭንቀት ያለበት ሰው ዝምታ ሲረዝምበት አይችልም፣ የሆነ ነገር ብሎ ይሞላዋል። እጇን የያዘ ሰው ደግሞ ከቃሏ በፊት ጣቶቿ ሲጠነክሩ ይሰማዋል።

ከዚያ ሜሮን ታክሲ ውስጥ ሆና ለጓደኛዋ ለቤቲ ትደውላለች። «ወንድሜ መውደቁን ነገረችኝ! ምንም ሳልላት!» ትላለች። ስትዋሽ አይደለም። እንደዚያ ነው የምታስታውሰው። ማን ቀድሞ እንደተናገረ ጠፍቶባታል፣ የቀረላት «ታውቃለች» የሚለው ስሜት ብቻ ነው። እንደዚህ ዓይነት ቤት ሄዶ የተመለሰ ሰው ሲያወራ ልብ ብለህ ስማው። እሱ የተናገረውን ሁሉ አንባቢው የተናገረው አድርጎ ነው የሚነግርህ። የጠየቁትንና ያልገጠመውን ደግሞ አያነሳውም። ሜሮንም ሴትዮዋ «ወገብሽን ያምሻል?» ብለው እንደሳቱ ለቤቲ አልነገረቻትም። አንተም በትችትህ አላነሳኸውም፣ ወንድሜ። ቅር እንዳይልህ፣ ግን ጽሑፍህን ሳነብ መጀመሪያ የገረመኝ ይሄ ነው። የቤቲን ቦታ ይዘህ ነው የጻፍከው።

ጥፋቱ ሁሉ ያንተ ነው አልልም። ረቂቁን ያነበበች ጓደኛዬም እዚሁ ቦታ ላይ ተታላ ነበር፣ «ትንሽ ግልጽ አድርጊው» ብላኝ እምቢ አልኳት። አንባቢ ወደ ኋላ ገልጦ ያያል ብዬ ነበር። ሰው በስልክ እያነበበ ወደ ኋላ እንደማይመለስ ልገምት ይገባ ነበር።

«የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ፣ ያውም ጎበዝ የተባለች፣ መዳፍ አንባቢ ጋ አትሄድም። ገጸ ባሕርይዋ አታሳምንም።»

ጎበዝ ስለሆነች ነው እኮ የሄደችው። ሰነፍ ተማሪ ምን ያስጨንቀዋል፣ ውጤቱን ያውቀዋል።

ዓመቱን ልብ ብለህ አላየኸውም መሰለኝ። 2015 ብዬ የጻፍኩት ዝም ብዬ አይደለም። ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ከተዛወረ ገና ሁለተኛው ዓመት ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዙር፣ የሜሮን ወንድም በተፈተነበት በ2014ቱ ፈተና፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። አገር ሁሉ ደንግጦ ነበር። ከመቶ ተማሪ ሦስት! በየሰፈሩ «እንትና የት ገባ?» የሚለው ጥያቄ እንደ ነውር የተቆጠረበት ጊዜ ነው። ሜሮን ይህንን ቁጥር ይዛ ነው ዓመቱን ሙሉ ያጠናችው። በክፍሏ ከአምስት አንዷ መሆኗ ለራሷ ምንም አይነግራትም፣ ምክንያቱም ወንድሟም በክፍሉ ከአምስት አንዱ ነበር። (የእሷም ዙር ሲለቀቅ 3.2 ከመቶ ሆነ። ሾላ በሄደችበት ቀን ግን ይሄን ማንም አያውቅም።)

ደግሞ ሴትዮዋን «አልፋለሁ ወይ?» ብላ አልጠየቀቻቸውም። ተመልሰህ እየው። ቤታቸው ውስጥ ስለ ፈተና አይወራም፣ ወንድሟ እንዳይከፋው። እናቷ ሬዲዮ ላይ «የ12ኛ ክፍል…» ሲባል ድምፁን ይቀንሳሉ። አባቷ «ሁሉም ለበጎ ነው» ብለው ጨርሰዋል። ሁለት ወር ሙሉ ይህቺን ልጅ ማንም ፊት ለፊት «ፈርተሻል?» ብሎ አልጠየቃትም። ሴትዮዋ እጇን ይዘው የመጀመሪያ የተናገሩት ምን ነበር? «ፈርተሻል።» እንባዋ የመጣው እዚያ ጋ ነው፣ ገና ስለ ወንድሟ ሳይነሳ።

«ፈርተሻል» ለማለት ደግሞ አዋቂ መሆን አያስፈልግም። መስከረም መጨረሻ ላይ 18 ዓመት የሚሆናት ልጅ ፊታቸው ቁጭ ብላለች። ቀኝ እጇ የመሃል ጣት ላይ፣ ከጥፍሩ ዝቅ ብሎ በጎን በኩል፣ እስክሪብቶ ያጠነከረው ቆዳ አለ። ሐምሌ ከተፈተነች ወዲህ ትንሽ ለስልሷል፣ ግን አልጠፋም። ይህን በሁለተኛው ገጽ ላይ አስቀምጬዋለሁ፣ ሜሮን ጣቷን ስታሽ። እጅ ማንበብ ከተባለ ሴትዮዋ ያነበቡት ይህንን ነው፣ መስመሩን አይደለም። ልብስ የምታጥብ ልጅ እጅ ሌላ ነው፣ የሹሩባ ሠሪ እጅ ሌላ ነው፣ ሊጥ የሚያቦካ እጅም ይታወቃል። ከ30 ዓመት በላይ እጅ ይዞ የኖረ ሰው ይህን ባያውቅ ነው የሚገርመው።

አንድ ነገር ደግሞ በጣም አዝናንቶኛል። ፈተናው ምርጫ ነው አይደል? አራት አማራጭ፣ አንዷን ማጥቆር። ያላወቅከውን በግምት ብታጠቁር ከአራት አንዱ ይገጥምልሃል። ሜሮን ይህንን ሒሳብ አሳምራ ታውቃለች። ሴትዮዋ የሚያጠቁሩት ግን የፈታኙን ፊት እያዩ ነው። እርሳሳቸውን ወደ «ሀ» ሲያስጠጉ ፊቱ ካልበራ ወደ «ለ» ይሄዳሉ። እንደዚያ የሚያስፈትን ቢገኝ ማን ይወድቅ ነበር?

እኔም ሄጄ አውቃለሁ፣ ልደብቅህ አልፈልግም። የእኔ ዘመን ውጤት ሲጠበቅ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር አንዷ ጋ ሄድን። ለሦስታችንም «ባሕር ማዶ ትሄጃለሽ» አለችን። አንዷ እውነትም አሜሪካ ናት፣ እስካሁን በደወለች ቁጥር ታነሳዋለች። ሁለታችን እዚሁ ነን፣ እኛን ማንም አይቆጥረንም።

«መዳፍ ማንበብ የእኛ አይደለም። ስኒ አንባቢ ወይም ኮከብ ቆጣሪ ብታደርጋት ባህላችንን ያሳይ ነበር።»

ሁለቱንም ሞክሬያቸዋለሁ፣ ሁለቱም ታሪኩን ገደሉት።

መጀመሪያ የጻፍኩት ስኒ ነበር። ስኒ ግን ቡና ይፈልጋል፣ ቡናው ቤት ይፈልጋል፣ ቤት ደግሞ ጎረቤት አለው። ሦስተኛ እስኪፈላ ተቀምጣ፣ ስኒው ተደፍቶ አተላው እስኪደርቅ ሜሮን ከሰው መሃል መቆየት አለባት። እንግዲህ በምስጢር የመጣች ልጅ ይህን አታደርግም። ከዚያ በላይ ደግሞ ስኒ ውስጥ ያለው የቡና አተላ ነው፣ ስለ ልጅቷ ምንም አይናገርም። እጅ ግን የራሷ ነው። ያ የጠነከረ ቆዳ ስኒ ላይ አይገኝም።

ኮከብ ቆጠራው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። አውደ ነገሥት የሚያውቅ ሰው ጋ ከሄድክ መጀመሪያ የምትጠየቀው ስምህንና የእናትህን ስም ነው። የሁለቱ ስም ፊደላት በቁጥር ይደመራሉ፣ ድምሩ በ12 ይገደፋል፣ ከዚያ በቀረው ቁጥር ኮከብህ ይወጣል። ቆንጆ ነው፣ ሒሳብ አለው፣ ለተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ይመጥናል ብዬ ሁለት ሳምንት ደከምኩበት። ግን አስበው፣ ሜሮን ከእናቷ ተደብቃ ነው የሄደችው። የኮረሪማውን ብር ቆርጣ ነው የምትከፍለው። በእናቷ ብር፣ ከእናቷ ተደብቃ ተቀምጣ የእናቷን ስም ጮክ ብላ ትናገራለች? እኔ የማውቃት ሜሮን ተነስታ ትሄዳለች። የሾላዋ ሴትዮ ስሟን እንኳ አልጠየቋትም። «ልጄ» ነው ያሏት እስከ መጨረሻው።

«የእኛ አይደለም» ለሚለው ደግሞ፣ ገበያና የአውቶቡስ ተራ አካባቢ እጅ ይዘው «ላንብብልህ» የሚሉ ሰዎች አጋጥመውህ የማያውቁ ከሆነ ዕድለኛ ነህ። ከየት መጣ የሚለውን ለሌላ ሰው እተወዋለሁ። ሜሮን የተቀመጠችው ሙዚየም ውስጥ አይደለም።

«የሕይወት መስመር ከትንሿ ጣት ሥር አይነሳም። ደራሲዋ የምትጽፍበትን ነገር አላጠናችም።»

እዚህ ላይ ያዝከኝ። ልክ ነህ።

የእጅ ንባብ በሚሠሩት ዘንድ የሕይወት መስመር የሚባለው አውራ ጣትን ከቦ ወደ አንጓ የሚወርደው ነው። ከጣቶቹ ሥር፣ ከትንሿ ጣት በኩል የሚጀምረው የልብ መስመር ይባላል። በሁለቱ መሃል የሚያልፈው የራስ መስመር ነው። እኔ ሴትዮዋ ጣታቸውን የልብ መስመር ላይ አድርገው «ይህቺ ዕድሜሽ ናት» እንዲሉ አድርጌያለሁ። ሆን ብዬ ነው ብዬ ላመልጥ አስቤ ነበር። አይደለም፣ ተሳስቼ ነው።

ግን ስህተቱ ታሪኩን የጎዳው መስሎህ ከሆነ አንድ ነገር ልንገርህ። ሬይ ሃይማን የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር አለ፣ የኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ነበር። በጉርምስናው ገንዘብ ለማግኘት እጅ ያነብ ነበር፣ ደንበኞቹ «ልክ ነህ» ሲሉት ራሱም እውነት መስሎት አመነበት። አንድ ቀን ስታንሊ ጃክስ የሚባል የመድረክ ባለሙያ ሐሳብ አቀረበለት፦ መስመሩ ከሚለው ተቃራኒውን ንገራቸውና እየው። ሃይማን ሞከረው። ደንበኞቹ ልክ እንደበፊቱ ተደነቁ። ያኔ ነው ነገሩ መስመሩ ውስጥ እንዳልሆነ የገባው፣ ከዚያም ሥራው ሰዎች እንዴት እንደሚታለሉ ማጥናት ሆነ።

መስመሮቹ ራሳቸው የሚሠሩት ልጁ ማህፀን ውስጥ በመጀመሪያዎቹ ወራት እያለ ነው፣ መዳፍ የሚታጠፍባቸው ቦታዎች ናቸው። ሱሪ ጉልበት ላይ እንደሚጨማደድ ማለት ነው። ሐኪምም አዲስ የተወለደ ልጅ መዳፍ ያያል፣ ለምሳሌ ከዳር እስከ ዳር የሚሻገር አንድ መስመር ብቻ ካለ ሌሎች ምልክቶች ካሉ ብሎ ይመረምራል፣ ምክንያቱም ዳውን ሲንድረም ባለባቸው ልጆች ላይ ይበዛል፤ ጤነኛ ሰው ላይም ግን ይገኛል። የ12ኛ ክፍል ውጤት እዚያ የለም።

ስለዚህ የሾላዋ ሴትዮ የተሳሳተ መስመር ነክተው ሜሮንን ማስለቀሳቸው ከእውነታው የራቀ አይደለም። የእኔ ስህተት ግን የእኔ ነው።

«የ18 ዓመት ልጅ ‹ተስፋ የተበደርኩት ልብስ ነው› ብላ አታወራም።»

አታወራም። አውጥቼዋለሁ።

«መጨረሻው ተቆርጧል። ልጅቷ አለፈች ወይስ ወደቀች? ደራሲዋ ለአንባቢ ዕዳ አለባት።»

ሴትዮዋ ምን ብለው እንደሸኟት ታስታውሳለህ? «አንድ በር ይዘጋል፣ አንድ በር ይከፈታል። አትቸኩዪ።» እስቲ በሜሮን ቦታ ሆነህ ውጤቱን በየተራ ሙላበት። ግማሽ ካመጣች የጭንቀቱ በር ተዘጋ፣ የዩኒቨርሲቲው ተከፈተ። ግማሽ ሳይሞላላት ቀርቶ ሪሚዲያል ከተመደበች ያው ነው፣ አንዱ ተዘግቶ ሌላ ተከፈተ። ጭራሽ ካልሆነላት ወንድሟ የጀመረው የኮሌጅ በር አለ። ይህ ዓረፍተ ነገር የሚወድቅበት ውጤት የለም። አለፈች ብዬ ብጽፍ አንተ ነገ «ሴትዮዋ ልክ ነበረች፣ ጥንቆላ ይሠራል ልትል ነው» ብለህ ትጽፍብኝ ነበር። ወደቀች ብል ሌላው ተነስቶ «ለቀልድ እጅ አስነበበች፣ እግዜር ቀጣት» ይላል። ሁለቱም ሴትዮዋን የታሪኩ ዳኛ ያደርጓቸዋል።

ሌላም ነገር አለ፣ ይሄ ስጽፍ ራሴን ያስደነገጠኝ ነው። ሜሮን ሾላ ስትቀመጥ ወረቀቷ ሐምሌ ላይ ከእጇ ወጥቷል። ያጠቆረችው ጠቁሯል። ሴትዮዋ የሚነግሯት የወደፊቱን አይደለም፣ ያለፈውን ነው። ሁለቱም የማያውቁት ያለፈ ነገር። ለዚህ ነው የመጨረሻውን ትዕይንት ስልኳ ላይ ያቆምኩት፦ የመፈተኛ ቁጥሯን አስገብታለች፣ አገር ሁሉ አንድ ላይ ገጹን ስለከፈተው መረቡ ተጨናንቋል፣ ያቺ ክብ ትሽከረከራለች። ወንድሟ ከጀርባዋ መጥቶ ቆሟል። ከተፈተነች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ «ፈርተሻል አይደል?» አላት። ሜሮን ስልኩን ሰጠችው።

ዕዳው ይህ ነበር፣ ከፍዬዋለሁ። እናቴ ታሪኩን አንብባ «አለፈች ወይ?» ብላ ደውላልኝ ነበር፣ ለእሷም ያልኩት ይህንኑ ነው። «ከእናትሽም ትደብቂያለሽ?» ብላ ዘጋችብኝ።

በሚቀጥለው እትም የሕይወት መስመርን ወደ አውራ ጣት አዛውረዋለሁ፣ ስለ እሱ አመሰግናለሁ። «ወንድሜ ነው?» የምትለዋ መስመር ግን እዚያው ባለችበት ትቆያለች።